ወንበሩ ይቆይ፣ ይቅርታው ይውጣ

ጥያቄ

እንዴት ሰነበቱ? በቅርቡ በአንድ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ አጠገቧ የተቀመጥኩ ልጅ አለች። በእረፍት ሰዓት በእግራችን እየተንሸራሸርን ስንጫወት ቆይተን፣ በመጨረሻው ቀን ስልክ ቁጥሯን ራሷ ሰጠችኝ። እንግዲህ አራት ቀን ሙሉ ስጽፍና ሳጠፋ ከርሜ ከታች ያለውን መልእክት ጨረስኩ፤ ለመላክ ግን አፈርኩ። ጓደኛዬ አየውና «ለማኝ መሰልክ» ብሎኝ በራሱ እጅ «ሰላም። ቅዳሜ 9 ሰዓት ነፃ ነኝ። ነዪ።» ብሎ ጻፈልኝ። ይህኛው ደግሞ ጨርሶ እኔን አይመስልም፤ ብልክላት የማታውቀው ሰው የጻፈላት ነው የሚመስላት። እንግዲህ ዘና ብዬ፣ ግን ራሴን ሆኜ የምጽፍላት እንዴት ነው? ምን ይመስልዎታል?

መልእክቴ ይህ ነው፦

«ሰላም ሰላም!!! እንዴት ነሽ? ደህና ነሽልኝ? ምናልባት አታስታውሺኝ ይሆናል፤ ሥልጠናው ላይ አጠገብሽ ተቀምጬ የነበርኩት ነኝ። ሳላስፈቅድሽ ስለጻፍኩልሽ ይቅርታ፤ ሥራ ላይ እንዳልረብሽሽ ፈርቼ ነው አራት ቀን የቆየሁት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንዳንቺ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም! የሚንቀጠቀጠው ወንበር እግር ሥር ያስገባሻት የታጠፈች ወረቀት እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት፤ እንግዲህ ወንበሩ ምን ይውጠው ይሆን? የአባትሽን ሬዲዮ ደግሞ በነፃ እጠግንልሻለሁ፤ ቤታችሁ ድረስ መጥቼም ቢሆን፣ በፈለግሽው ቀንና ሰዓት፣ ለእኔ ሁሉም ይመቸኛል። እና ምናልባት ከተመቸሽና ካላስቸገርኩሽ አንድ ቀን ብንገናኝ በጣም በጣም ደስ ይለኛል፤ ካልፈለግሽ ግን ምንም ችግር የለውም፣ ፈጽሞ አልቀየምም፣ እረዳሻለሁ። ብቻ እባክሽ መልስሽን አሳውቂኝ። መልካም ቀን! አክባሪሽ።»

*ጣቱ «ላክ» ላይ የቀረው*

መልስ

ወንድሜ፣ የላክልኝ ጽሑፍ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንዱ ለእሷ የጻፍከው መልእክት፣ ሌላው ለእኔ የጻፍከው ደብዳቤ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ እንድታነብ እፈልጋለሁ። ለእኔ ስትጽፍ አንድም የቃለ አጋኖ ምልክት አልተጠቀምክም፤ ለእሷ ስትጽፍ አምስት አስፍረሃል። ለእኔ «እንዴት ሰነበቱ?» ብለህ ጀመርክ፣ ነገርህን በቅደም ተከተል ነገርከኝ፣ ሁለት ጊዜ «እንግዲህ» አልክ፣ «ምን ይመስልዎታል?» ብለህ ጨረስክ። ይቅርታ አልጠየቅከኝም፣ እንድመልስልህም አልለመንከኝም። አንተ የምትፈልገው ዘና ያለ ሰው ለእኔ የጻፈልኝ ሰው ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው መምሰል አይጠበቅብህም፤ ለእሷ ስትጽፍ የጠፋው ያ ሰው እንዲመለስ ማድረግ ይበቃናል።

ይህን አስቀድሜ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ለብዙ ዓመታት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ አንድ የማውቀው ሰው እንደ አንተው ያለ መልእክት አምጥቶልኝ አሳምሬ አስተካከልኩለት፤ ላከው። የመጣለት መልስ «ይህን ማን ጻፈልህ?» የሚል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ፍርሃቱን ሳወጣ እሱንም አብሬ አውጥቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰው መልእክት ሳስተካክል ራሴን በአንድ ነገር እገድባለሁ፤ አወጣለሁ፣ ቦታ አቀያይራለሁ፣ አዲስ ቃል የምጨምረው ግን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። የምጨምረውንም ቃል ከራሱ ከሰውየው ሌላ ጽሑፍ ፈልጌ አመጣለሁ። የጓደኛህ መልእክት እንግዳ የሆነብህ አጭር በመሆኑ አይደለም። ከሰላምታው በቀር ያንተን ድምፅ የሚመስል ቃል የለበትም።

አሁን ወደ መልእክትህ እንግባ። እርሳስ ያዝና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፤ ለእሷ የሚነግራት ነገር አለ ወይስ ከእሷ ማጽናኛ ይፈልጋል? «ምናልባት አታስታውሺኝ ይሆናል» የሚለውን ውሰድ። የጥያቄ ምልክት የለውም፤ ግን ያነበበችው ልጅ «ኧረ አስታውስሃለሁ» ማለት ይኖርባታል። «ሳላስፈቅድሽ ስለጻፍኩልሽ ይቅርታ» ሲላት «ምንም አይደለም» ትበል። «እንዳልረብሽሽ ፈርቼ» ሲላት «አልረበሽከኝም» ትበል። «ካላስቸገርኩሽ» ሲላት «በፍጹም አላስቸገርከኝም» ትበል። «ፈጽሞ አልቀየምም» ሲላት ደግሞ ይህ ሰው ሊቀየም ይችል ነበር እንዴ ብላ ታስባለች። ቁጠራቸው፤ አምስት ናቸው። ለመገናኘት ትፈልግ እንደሆነ ገና ሳታስብ አምስት ጊዜ አንተን ማረጋጋት አለባት። በትሕትና የጻፍካቸው እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ልብህም ንጹሕ ነው። ግን ሸክሙ ያረፈው እሷ ላይ ነው። መልእክቱ የሚከብደው ሙቀቱ ስለበዛ ሳይሆን በዚህ የተነሣ ነው።

እነዚህ አምስቱ ሙሉ በሙሉ ይወጣሉ። አንዳቸውንም ለማለዘብ አትሞክር፤ «ትንሽ ይቅርታ» የሚባል ነገር የለም። ቁጥሩን የሰጠችህ ራሷ ናት፤ ለመጻፍ ፈቃድ ያገኘኸው ያን ዕለት ነው። አራት ቀን መቆየትህም ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም። ማብራሪያ ያልተጠየቀ ሰው ማብራራት ሲጀምር የሚሰማው ሰው ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራል።

«ምናልባት አታስታውሺኝ ይሆናል» ግን አንድ እውነተኛ ሥራ ነበረው። እሷ ያንተን ቁጥር አልያዘችም ይሆናል፤ ማን እንደጻፈላት ማወቅ ይገባታል። ለዚህ ስምህ ይበቃል፤ ስምህን ጻፍና «ነኝ» በል። ከሥልጠናው የተዋወቃችሁ ለመሆኑ ወንበሩ ራሱ ይመሰክራል።

ወንበሩን ካነሣን፣ በመልእክትህ ውስጥ በሕይወት ያለው ዓረፍተ ነገር ይህ ብቻ ነው። «እንግዲህ ወንበሩ ምን ይውጠው ይሆን?» የሚለውን ሳነብ ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ይህን በዓለም ላይ ለእሷ ሊጽፍላት የሚችል ሌላ ሰው የለም፤ ወረቀቷን ስታጥፍ ያያት፣ አጠገቧ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ለተጨነቀ ወንበር መጨነቅህም የራስህ ጠባይ ነው፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። አሁን ከእሱ በፊት ያለውን «በሕይወቴ እንዳንቺ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም!» የሚለውን እይ። ለማንኛዋም ሴት፣ በማንኛውም ቀን ሊባል የሚችል ነው፤ ለሦስት ቀን ትውውቅም ሰፊ ልብስ ነው። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ልብ ብዬ አይቼሻለሁ ነው የሚሉት። አንዱ በአዋጅ ይናገረዋል፣ ሌላው በወረቀቷ ያሳየዋል። አዋጁ ይውጣ።

ወረቀቷን ስለማቆየትህ ትንሽ አመንትቻለሁ። ሰው የጣለውን ነገር ይዞ መሄድ አነጋገሩ ካልተስተካከለ ሊያስፈራ ይችላል። «ለማስታወሻ ይዣታለሁ» ብትላት ኖሮ አውጣው እልህ ነበር። አንተ ግን ወዲያው ዓይኗን ወደ ወንበሩ መለስክላት፤ ጨዋታ ሆነ። ስለዚህ ሁለቱ ሐረጎች አይለያዩ፤ ወረቀቷ ያለ ወንበሩ ብቻዋን አትሂድ። መጀመሪያ ሳስተካክለው «ወረቀቷ ቦርሳዬ ውስጥ ተገኘች» ብዬ ጽፌልህ ነበር፤ እንደ አጋጣሚ፣ እንደ ዘበት። መልሼ ሳነበው አልወደድኩትም። አልተገኘችም፤ አስቀመጥካት። ዘና ማለት ግድ የሌለው መምሰል አይደለም፤ «እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት» የሚለው ያንተ አባባል እውነቱን ሳይደብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። እንዳለ መልሼዋለሁ።

ሬዲዮው ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጣብቀዋል። ጥገና የምታውቅ ሰው ነህ፣ እሷም ስለ አባቷ ሬዲዮ አጫውታሃለች፤ ይህ በመካከላችሁ ያለ እውነተኛ ጨዋታ ነው፣ ይቆይ። «በነፃ» እና «ቤታችሁ ድረስ መጥቼም ቢሆን» ግን ይውጡ። ስለ ዋጋ የጠየቀህ የለም፤ አንተ ቀድመህ «በነፃ» ስትል ለመገናኘት የምትከፍለው ክፍያ ይመስላል። ሦስት ቀን የምታውቀውን ሰው ወደ ቤተሰቧ ቤት ማስገባት ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነው። ምናልባት ካንተ ጋር መገናኘቱን ትወደው ይሆናል፣ የቤቱን ነገር ግን እንቢ ማለት ግድ ይሆንባታል፤ አንዱን እንቢ ስትል ሌላውም አብሮ ይቀራል።

ደግሞም ሬዲዮውን ሰበብ አታድርገው። «ሬዲዮውን እንይ» ብለህ ብታገኛት እሷ ስለ ሬዲዮ መጥታለች፣ አንተ ስለ እሷ መጥተሃል፤ ይህ ለሁለታችሁም አይመችም። ካንተ ጋር መጫወት ደስ ብሎኛል ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በአንድ «በጣም»፣ አንዴ ብቻ፣ ፊት ለፊት በለው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። መልእክትህ ውስጥ ሦስት የጥያቄ ምልክቶች አሉ፤ ሁለቱ ስለ ደህንነቷ፣ አንዱ ስለ ወንበሩ። እንድትገናኙ የጠየቅክበት ቦታ ላይ ግን የጥያቄ ምልክት የለም። «ብንገናኝ በጣም በጣም ደስ ይለኛል» ስለ አንተ ስሜት የተነገረ ወሬ ነው፤ ሰው ለወሬ «እሺ» ብሎ አይመልስም። ጥያቄውን ስለፈራኸው ጠርዝ ጠርዙን ዞርከው፣ ስላልጠየቅክም «እባክሽ መልስሽን አሳውቂኝ» ብለህ መለመን መጣ። ጥያቄው በትክክል ከተቀመጠ ልመናው አያስፈልግም፤ መልስን የሚጠራው ራሱ ጥያቄው ነው።

በአማርኛ ሰውን ለመጋበዝ ብዙ ደረጃ አለን፤ ይህን ልብ ብለህ ስማልኝ፤ ያንተም የጓደኛህም ችግር እዚህ ላይ ነው። ከታች «ነዪ» አለ፤ ትእዛዝ ነው፣ ለእኅትህ ይሆናል። ቀጥሎ «እንገናኝ» አለ፤ ለቆየ ጓደኛ ያምራል፣ ለአዲስ ትውውቅ ግን ትንሽ ይገፋል። ከዚያ «ብንገናኝ ምን ይመስልሻል?» አለ። «ብን» የምትለው ቅጥያ ብቻዋን በሩን ክፍት ታደርገዋለች፤ አሳቡን አቀረብክ፣ ውሳኔውን ሰጠሃት። ከዚያ በላይ «ከተመቸሽ ብንገናኝ» አለ፤ እሱም አክብሮት ነው። ያንተ ግን «ምናልባት ከተመቸሽና ካላስቸገርኩሽ አንድ ቀን ብንገናኝ» ነው፤ «ምናልባት»፣ «ከ»፣ «ካል»፣ «አንድ ቀን»፣ «ብን» ተደራርበዋል። አንድ ማለዘቢያ ጨዋነት ነው፣ ሁለት መጠንቀቅ ነው፣ አምስት ግን ፍርሃት ነው፤ አንባቢው ሳይቆጥር ይሰማዋል። ጓደኛህ ከአምስት ወደ ባዶ ወረደ። አንተን የሚመስልህ አንዱ ነው። «ምን ይመስልሻል?» የሚለውንም ከእኔ አላመጣሁትም፤ ደብዳቤህን የዘጋህበት ነው።

«ካልፈለግሽ ግን ምንም ችግር የለውም» የሚለው ሲወጣ እንደሚከብድህ ይገባኛል፤ እንዳስገደድካት ይመስልሃል። ነፃነቷ ግን «ብን» እና «ምን ይመስልሻል» ውስጥ ተቀምጧል። ነፃ ነሽ ብለህ ስታውጅላት ይልቅ ስለ እንቢታ ያሰብከው አንተ ቀድመህ እንደሆንክ ታያለች፤ ገና ያላሰበችውን መልስ አንተ ታቀብላታለህ። እንደማትቀየም የምታሳያት እንቢ ካለችህ በኋላ በምትጽፈው መልስ ነው፤ እዚያ እንደርሳለን።

ስለ ጊዜው ጥቂት ልበል። «በፈለግሽው ቀንና ሰዓት፣ ለእኔ ሁሉም ይመቸኛል» ለጋስነት ይመስላል፤ ግን ሰባት ቀንና ሃያ አራት ሰዓት ፊቷ ዘርግተህ አንቺ ምረጪ ማለት ነው። ሰው ምርጫው ሲበዛበት «እነግርሃለሁ» ይልና ይረሳዋል። አንድ ቀን ጥራ፣ ሰዓቱን ግን አትቸንክር፤ «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ» ይበቃል። የማይመቻት ከሆነ ሌላ ቀን ለማለት ቀላል ይሆንላታል፤ ባዶ ሜዳ ላይ ከመምረጥ ይልቅ የተባለን ቀን መቀየር ሁልጊዜ ይቀላል። ምን እንደምታደርጉም አብረህ ንገራት። አዲስ ነገር ፍለጋ አትድከም፤ በሥልጠናው ጊዜ በእግራችሁ እየተንሸራሸራችሁ ትጫወቱ ነበር፣ ያንኑ ቀጥል።

እንግዲህ ሁሉም ተሰብስቦ ይህን ሆነ፦

«ሰላም፣ እገሌ ነኝ። እንዴት ሰነበትሽ? ወንበሩ እግር ሥር ያስገባሻት የታጠፈች ወረቀት እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት፤ እንግዲህ ወንበሩ ያለ እሷ ምን ይውጠው ይሆን? ካንቺ ጋር መጫወት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የአባትሽ ሬዲዮ ነገርም ገና አላለቀም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተገናኝተን በእግራችን እየተንሸራሸርን ብንጫወት ምን ይመስልሻል?»

በእገሌ ፋንታ ስምህን አስገባ። ከእኔ የተጨመረው «ያለ እሷ»፣ «ካንቺ ጋር»፣ «ነገርም ገና አላለቀም» እና ቀኑ ነው፤ ሌላው ወይ ከመልእክትህ ወይ ከደብዳቤህ የመጣ ነው። «ደህና ነሽልኝ» አወጣሁት፤ ለቤተሰብህ የምትለው ቃል ከሆነ ያንተ ነውና መልሰው፣ ለእሷ ብለህ ያመጣኸው ከሆነ ይቅር። «አክባሪሽ» የማመልከቻ መዝጊያ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጥያቄው እንዲሆን ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከጥያቄው በኋላ ሌላ ነገር ከተከተለ ሰው የሚመልሰው ለተከተለው ነው። «መልካም ቀን!» ብትላት «ለአንተም» ትልሃለች፣ ቅዳሜም ሳይነሣ ይቀራል።

ከመላክህ በፊት ድምፅህን አውጥተህ አንዴ አንብበው። ምላስህ የሚደናቀፍበት ቃል ካለ የእኔ ቃል ነው፤ በራስህ ቀይረው። ለምሳሌ «ተገናኝተን» የማትለው ከሆነና «ወጣ ብለን» የምትል ከሆነ «ወጣ ብለን» በል። እኔ የማልለቅልህ ነገር ቢኖር ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ አንዲት ቃል እንዳትጨምር ነው። ጣትህ የሚያሳክክህ እዚያ ላይ ነው፤ አውቃለሁ።

ስትልከው ስልኩን አስቀምጥ። በዚያው ምሽት «ደረሰሽ?» ማለት ያወጣናቸውን አምስቱንም ይቅርታዎች በአንድ ቃል መልሶ ያስገባቸዋል። ሁለት ቀን ዝም ብትል ትርጉም አትስጠው፤ ሰው ሥራ አለው፣ የታመመ ዘመድ አለው፣ አንብቦ በኋላ እመልሳለሁ ብሎ የሚረሳም አለ። ሳምንት ካለፈ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ ዝምታዋ ምንም ሳታነሣ፣ ስለ ሌላ ነገር አጭር መልእክት ብትጽፍላት አይከፋም። ከዚያ በኋላም ዝም ካለች መልሱ ደርሶሃል፤ ሦስተኛ አትጻፍ። ጥሩ የተጻፈ መልእክት ያልነበረ ፍላጎትን አይፈጥርም፤ ፍላጎቱ ካለ መንገድ አይዘጋበትም፣ ይኸው ነው።

«ቅዳሜ አይመቸኝም» ብቻ ካለችና ሌላ ቀን ካልጠቀሰች፣ «እሺ፣ ሲመቸን እንጫወታለን» በልና ኳሱን ለእሷ ተውላት። «ቅዳሜ አይመቸኝም፣ እሑድስ?» ካለች መልሱ «እሑድ ይመቸኛል» ነው፤ ሦስቱን የደስታ ምልክት ለራስህ አስቀርና የምትገናኙበትን ሰዓት ንገራት። በግልጽ አልፈልግም ካለችህ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። መልካም ሰንበት» ብለህ እዚያው አቁም። ምክንያቷን አትጠይቅ፣ «ምንም አይደለም፣ ገምቼ ነበር» አትበል። ያን ጊዜ «አልቀየምም» ማለት የፈለግከው በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ይደርሳታል።

እሺ ካለችህ ደግሞ ስለ ሬዲዮው በጽሑፍ አትጀምር፤ ለመንገዱ አስቀምጠው። እየተንሸራሸራችሁ ሳለ ጥገና የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀውን ጠይቃት፤ ጭራሽ አይበራም ወይስ ይበራና ድምፅ የለውም?